ሳልቆጥር አልፈርምም

ሰላም ለሁላችሁም። ስለ ሂሳብ ሥራ አውራ ተብዬ ነው የመጣሁት። ስላይድ ግን አላዘጋጀሁም። በዚህ የድሬ ሙቀት፣ ከምሳ በኋላ፣ መጋረጃ ዘግቼ ስላይድ ባሳያችሁ ግማሻችሁ እንደምትተኙ አውቃለሁ። ስለዚህ አጭር ታሪክ ጽፌ መጣሁ።

ታሪኩ የፈጠራ ነው። «ይሄማ የኛ ቢሮ ነው» ብሎ የሚነሳ እንዳይኖር ከወዲሁ ልንገራችሁ። ድርጅቱ የለም፣ ሰዎቹም የሉም። ኦዲት ስሠራ ያየኋቸው ወረቀቶች ግን ውስጡ አሉ። መሃል ላይ እያቆምኩ ስለ ሥራው አወራለሁ፣ ታገሱኝ።

ልጅቷን ሰብሪና እንበላት። ድሬ ተወልዳ ድሬ ያደገች፣ በአካውንቲንግ የተመረቀች። ኅዳር መግቢያ ላይ ሰኞ ጠዋት ሥራ ጀመረች። ድርጅቱ ሳቢያን አካባቢ ነው፤ ብረት፣ ሲሚንቶ፣ ሴራሚክ ያከፋፍላል። ደብዳቤዋ ላይ «ጁኒየር አካውንታንት» ይላል። ከታች ደግሞ በትንሹ «ፔቲ ካሽም ትይዛለች» የሚል አለ። ያቺን ትንሽ መስመር ልብ በሉልኝ።

ሁለት ሰዓት ላይ የፋይናንስ ኃላፊው ቢሮ ገባች። ሌሎች ሠራተኞችም ነበሩ።

«እንዴት አደርክ?» አለችው።

በቃ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ልትገምቱት ትችላላችሁ። እዚህ አገር አያትህንም «አንተ» ነው የምትለው፣ ማንም አይቀየምም። ሰውየው ግን ከሌላ ከተማ የመጣ ነው፤ ስንት ዓመት ድሬ ኖሮም ይሄ ነገር አልተዋጠለትም። «ከጓደኛሽ ጋር ነው የምታወሪው? አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ምን ስታደርጊ ነበር?» አለ፣ ድምፁ ኮሪደሩ ድረስ እየተሰማ። ሌሎቹ ኮምፒውተራቸው ላይ አቀረቀሩ። ሰብሪና ፊቷ ጋለ፣ አንገቷን ደፋች።

አንገቷን እንደደፋች አንድ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ተንሸራቶ መጣ።

«ርክክብ ነው። ፈርሚ።»

ወረቀቱ ላይ «ብር 20,000 (ሃያ ሺህ ብር) በጥሬ ገንዘብ ተረክቤያለሁ» ይላል። አጠገቡ አንድ የብረት ሳጥን አለ። ተቆልፏል፣ ቁልፉ ከላዩ ላይ ተቀምጧል።

«ልቁጠረው?» አለች ቀስ ብላ።

«ሌባ አደረግሽን እንዴ?» ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው። ከዚያ፣ ይሄ ነው የሚገርመኝ፣ ድምፁ በአንዴ ለሰለሰ። «ካንቺ በፊት የነበረችው ልጅ ክሊራንስ እየጠበቀች ነው። አንቺ ካልፈረምሽ የመጨረሻ ደመወዟ አይከፈላትም። የሰው እንጀራ ይዘሽ ነው የምትውዪው?»

እዚህ ጋ ላቁም።

ፔቲ ካሽ የምትይዙ ልጆች እጅ አውጡ እስቲ። በጣም ብዙ ናችሁ። እንግዲህ ታውቁታላችሁ፣ ለማያውቁት ልንገር። ለትንንሽ ወጪ የሚቀመጥ የተወሰነ ገንዘብ ነው፤ እዚህ ታሪክ ውስጥ 20,000 ብር። ለጫኝና አውራጅ፣ ለባጃጅ፣ ለጽሕፈት ዕቃ፣ ለውሃ ይወጣል። ብር ሲወጣ በምትኩ ወጪው ተጽፎ የተፈረመበት ወረቀት፣ ማለትም ቫውቸር፣ ይገባል። ስለዚህ በየትኛውም ሰዓት ሳጥኑን ብትከፍቱት፣ በእጅ ያለው ብርና የተከፈለባቸው ቫውቸሮች ሲደመሩ 20,000 መምጣት አለበት። ብሩ ሲያልቅ ቫውቸሮቹ ይደመራሉ፣ በድምሩ ልክ ቼክ ይሠራል፣ ሳጥኑ እንደገና ይሞላል።

አሁን ወረቀቱን መልሳችሁ እዩት። «በጥሬ ገንዘብ 20,000» ነው የሚለው። ሥራ ላይ ያለ ሳጥን ሙሉውን በጥሬ ገንዘብ የሚይዘው የተሞላ ዕለት ብቻ ነው። በሌላ ቀን እንዲህ የሚል ወረቀት ከመጣ፣ ሰውየው ሌባ ነው ማለት አይደለም፤ ግን የጻፈው ሰው ሳጥኑን ከፍቶ አላየም፣ ወይም አይቶታል። ሁለቱም አይመቹም።

ፊርማው ደግሞ ምን እንደሚሠራ እዩልኝ። የድሮዋ ልጅ ነፃ ትወጣለች። ሳጥኑ ውስጥ የጎደለ ካለ ከእሷ ላይ ተነስቶ ሰብሪና ላይ ያርፋል። በአንድ እስክሪብቶ ጉድለቱ ባለቤት ቀየረ ማለት ነው። ያ ሁሉ ጩኸት፣ ከዚያ ደግሞ ያ ሁሉ ርኅራኄ፣ ለዚህች ፊርማ ነበር።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። ሰብሪና ጎበዝ ስለሆነች አይደለም ያልፈረመችው። እጇ ስለተንቀጠቀጠ ነው። «ቆጥሬ ነገ ጠዋት አመጣልዎታለሁ» አለች። ኃላፊው ቁልፉን ወደ እሷ ወረወረና በሩን ደርግሞ ወጣ።

ሳጥኑን ይዛ ወደ ጠረጴዛዋ ሄደች። ግን ብቻዋን አልከፈተችውም። ይሄ ወሳኝ ነው። ብቻችሁን ቆጥራችሁ ጉድለት ብታገኙ የሚቀጥለው ጥያቄ «ታዲያ ማን ወሰደው?» ነው፣ መልሱም እናንተው ትሆናላችሁ። ሰብሪና ከመጋዘን ስቶር ኪፐሩን ጠራችው። ዕድሜ የጠገበ ሰው ነው፣ ፈጢራ እየበላ መጣ። «ቁጠሪው አቦ፣ ምን ያስፈራሻል?» አለና እጁን ጠራርጎ ተቀመጠ።

ቆጠሩ። ባለ 200 ብር 14 ኖት፣ 2,800። ባለ 100 ብር 23፣ 2,300። ባለ 50 ብር 11፣ 550። ባለ 10 ብር 35፣ 350። ድምር 6,000 ብር። በሥርዓት የተፈረመባቸው ቫውቸሮች ደግሞ 8,450 ሆኑ።

6,000 እና 8,450፣ 14,450። ከ20,000 ብር 5,550 ይጎድላል።

ቫውቸሮቹን ስታገላብጥ ከመጨረሻው ሥር በስፒል የተያዙ ብጣሽ ወረቀቶች አገኘች። ከደብተር የተቀደዱ ናቸው። አንዱ ላይ «ለአስቸኳይ ጉዳይ 2,000»፣ ሌላው ላይ «1,500 ወስጃለሁ» ይላል። ቀን የለም። የምን ጉዳይ እንደሆነ አይልም። ፊርማው ግን ቅድም ርክክቡ ወረቀት ላይ «አጽዳቂ» ከሚለው በላይ ያየችው ፊርማ ነው። ስቶር ኪፐሩ መነጽሩን አወለቀ፣ አጠለቀ፣ ምንም አላለም።

3,500 ብር በብጣሽ ወረቀት። 2,050 ደግሞ ጭራሽ ወረቀት የሌለው።

ሰብሪና አዲስ የርክክብ ወረቀት ጻፈች። በእስክሪብቶ። ኖቱን በየዓይነቱ፣ ቫውቸሮቹን ከነቁጥራቸው፣ ብጣሾቹን «ማስረጃ ያልቀረበባቸው፣ ፊርማ ያለባቸው ወረቀቶች» ብላ፣ 2,050ውን «ያልተገኘ» ብላ። ባዶ መስመሮቹ ላይ ሰረዝ አሰመረች፣ በኋላ ሌላ ነገር እንዳይገባ። ቀንና ሰዓት ጻፈች። ስቶር ኪፐሩ በምስክርነት ፈረመ፣ እሷም «6,000 ብር በጥሬ ገንዘብ እና ከላይ የተዘረዘሩትን ወረቀቶች ተረክቤያለሁ» ብላ ፈረመች። «ሌባ» የሚል ቃል የለበትም። «ይመስለኛል» የሚልም የለበትም። ያየችውን ብቻ ነው የጻፈችው።

ማክሰኞ ጠዋት ወረቀቱን አደረሰች። የማክሰኞውን ጩኸት በዝርዝር አላነብላችሁም፣ ሁላችሁም አንድ ጊዜ ሰምታችሁታል። ወረቀቱ ተወረወረ። «ገና ሙከራ ላይ ነሽ፣ ነገ አሰናብትሻለሁ» ተባለ። ይሄ ዛቻ ባዶ አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ በ1156/2011፣ የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ «ለሥራው ብቁ አይደለሽም» ብሎ ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት ይቻላል። ስለዚህ «አትፍሪ» የሚሏት ሰዎች ያናድዱኛል። የሚያስፈራ ነገር ነውና ትፈራለች። እየፈራች ወረቀቱን ከመሬት አንስታ መልሳ ጠረጴዛው ላይ አደረገችው። ማታ ቤቷ ስትገባ እናቷን «ሥራው ጥሩ ነው» አለቻት፣ እራት ሳትበላ ተኛች።

ረቡዕ ነው ነገሩ የበራላት።

ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ቼኮች የሂሳብ ፕሮግራሙ፣ ፒችትሪ ላይ ስታስገባ ዋለች። ማታ ላይ ያስገባችውን ድምር ከቼክ ጉርዶቹ ድምር ጋር ስታስተያይ 180 ብር ተበላለጠ። ላብ አጠመቃት። ከዚያ አስተማሪዋ የነገራት ነገር ትዝ አላት፤ ልዩነቱ ለ9 ያለ ቀሪ ከተካፈለ መጀመሪያ ቦታ የተቀያየረ አኃዝ ፈልጊ። 180 ለ9 ሲካፈል 20። ጉርዶቹን አንድ በአንድ አየች። 4,680 የሚለውን 4,860 ብላ ጽፋዋለች። ይሄ እውነተኛ ስህተት ነው፣ የራሷ። እየተንቀጠቀጠች ልትናገር ገባች።

ኃላፊው ስልኩን እያየ ነበር። ቀና እንኳ አላለም። «አስተካክዪዋ፣ ያጋጥማል» አለ።

ኮሪደሩ ላይ ቆማ ቀረች። ሰኞ ልቁጠር ስትል ተጮኸባት። ማክሰኞ ቆጥራ ትክክለኛውን ስታመጣ ተጮኸባት። ዛሬ ተሳስታ ስትመጣ «ያጋጥማል»። ደብተሯን አወጣችና በየቀኑ ምን እንደተባለች ሳይሆን፣ ሲጮህባት ጠረጴዛው ላይ የነበረው ወረቀት የትኛው እንደነበር ጻፈች። ሁለቱም ቀን ያው የሳጥኑ ወረቀት ነው።

እኔ ኦዲት ስሠራ አንዱ የምጠይቀው ነገር ይሄው ነበር። «አለቃችሁ ይጮኻል ወይ?» አልልም፣ ሁሉም ይጮኻል። «በየትኛው ወረቀት ላይ ይጮኻል?» ነው የምለው። በሁሉም ነገር የሚጮህ ሰው አለ። በሻይ ይጮኻል፣ በመኪና ይጮኻል፣ እሱ ጸባዩ ነው። ምርጫ ያለው ጩኸት ግን ሌላ ነው። ማስረጃ አይሆንም፣ በጩኸት ሰው አይከሰስም፤ የትኛውን ወረቀት ቀስ ብላችሁ ማንበብ እንዳለባችሁ ግን ይጠቁማችኋል። ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰውም ሳጥን ሲያራቁት አይቻለሁ፣ ይሄንንም አትርሱ።

ሐሙስ ሁለት ነገር ሆነ።

ጠዋት ኃላፊው ሦስት ደረሰኝ ይዞ ራሱ ወደ እሷ ጠረጴዛ መጣ። «ይኸው የ3,500ው ማስረጃ። እነዚያን ብጣሾች አውጥተሽ ርክክቡን እንደገና ጻፊው።» የምግብ ቤት የእጅ ደረሰኞች ናቸው፣ ለእንግዳ ምሳ። አንዱ 1,200፣ ሁለቱ 1,150፣ 1,150። ድምሩ ልክ 3,500።

እስቲ እንያቸው። መጀመሪያ ድምሩ። 2,000 እና 1,500 አስቀድሞ ወስዶ፣ በሦስት የተለያየ ቀን እንግዳ ጋብዞ፣ ሳንቲም ሳይተርፍና ሳይጎድል ልክ 3,500 ያወጣ ሰው ዕድለኛ ነው። ቅድሚያ ብር ተወስዶ ወጪ ሲወራረድ ትንሽ ተመላሽ ወይም ትንሽ ጭማሪ የተለመደ ነው። ቀጥሎ ቁጥሩ። ደረሰኞቹ 0417፣ 0418፣ 0419 ናቸው። ቀናቸው ደግሞ ጥቅምት 6፣ ጥቅምት 14፣ ጥቅምት 27። ስለዚህ ያ ምግብ ቤት በሦስት ሳምንት ውስጥ ከዚያ ጥራዝ ለሌላ ለማንም አልቆረጠም ማለት ነው። ሦስተኛ፣ ብሩን የወሰደውም ወጪውን የሚያጸድቀውም አንድ ሰው ነው። ደረሰኞቹ ንጹሕ ቢሆኑ እንኳ ይሄኛው ብቻውን ሌላ ፊርማ ያስፈልገዋል።

ግን ቀስ በሉ። ምግብ ቤቱ ለድርጅቶች ብቻ የሚቆርጥበት ጥራዝ ሊኖረው ይችላል። ወይም እውነት ተበልቶ፣ ደረሰኙ በኋላ ተጠይቆ በአንድ ቀን ተጽፎ ይሆናል፤ ጥሩ አይደለም፣ ግን ሌብነት ነው ማለትም አይደለም። ሰብሪና «ሐሰተኛ ነው» ብትል ማስረዳት አትችልም ነበር። ደረሰኞቹን ተቀበለች፣ ከላያቸው አንድ ወረቀት አያይዛ «ቁጥራቸው ተከታታይ፣ ቀናቸው የተለያየ፤ የእንግዶቹ ማንነትና የሌላ ኃላፊ ማጽደቂያ ይፈለጋል» ብላ ጻፈች። የድሮውን ርክክብ አልቀደደችም። «ያለቀ ወረቀት ነው፣ ተፈርሞበታል» አለች። ጩኸቱ መጣ። ደብተሯን አውጥታ ሦስተኛውን መስመር ጨመረች።

ከሰዓት ላይ የድሮዋ ልጅ መጣች። ክሊራንስ ልትጠይቅ። ከሰብሪና ብዙም አትበልጥም። ሰብሪና የቆጠራውን ወረቀት ስታሳያት ዝም ብላ አነበበችውና «3,500ውን እሱ እንደወሰደው ስነግራቸው ማንም አላመነኝም» አለች። «2,050ውንስ?» አለች ሰብሪና።

«አላውቅም። እኔም ስገባ አልቆጠርኩም። እንዳንቺ ጮኸብኝ፣ ፈረምኩ።»

ለኔ የታሪኩ መራር ቦታ ይሄ ነው። 2,050ው የዚህች ልጅ ጥፋት ይሁን፣ ከእሷ በፊት የነበረው ሰው ይሁን፣ ከዚያም በፊት ይሁን፣ አሁን በምድር ላይ የሚያውቅ የለም። ፋይሉ ውስጥ የእሷ የመግቢያ ርክክብ አለ፤ «20,000 በጥሬ ገንዘብ» ይላል፣ ዝርዝር የለውም።

ዓርብ ነገሩ ሥራ አስኪያጁ ጋ፣ ማለትም የድርጅቱ ባለቤት ጋ ደረሰ። ሰብሪና ልትከስ አልሄደችም። ሳጥኑን ለመሙላት ቼክ ያስፈልጋል፣ ቼኩ ደግሞ የባለቤቱን ፊርማ ይፈልጋል። የ8,450 ብር መጠየቂያ ሞላች፣ ቫውቸሮቹንና የቆጠራውን ወረቀት አያይዛ አስገባች። ሰውየው የቀፊራ ነጋዴ የነበረ ነው፣ ዲግሪ የለውም፣ ካልኩሌተርም አይነካም።

«ሳጥኑ ውስጥ 6,000 አለሽ። ለመሙላት 14,000 ነው የሚያስፈልግሽ። ለምን 8,450 ብቻ ጠየቅሽ?»

«ማስረጃ ያለው 8,450 ነው። 5,550ው የለውም።»

ወረቀቱን አገላበጠ። ብጣሾቹ ላይ ቆመ፣ ጽሕፈቱን ወደ ብርሃን አቀረበ። ኃላፊው ተጠራ። «እንግዶቹ እነማን ነበሩ?» የሚል አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የተጠየቀው። ስም መጥራት አልቻለም።

3,500ው በኃላፊው ስም ተሰብሳቢ ሆኖ ተመዘገበ፣ ከደመወዙ እንዲቆረጥ በጽሑፍ ተስማማ። 2,050ውን ባለቤቱ እያጉረመረመ በኪሳራ እንዲያዝ አደረገ፤ የድሮዋ ልጅ ስትገባ ስላልተቆጠረ በምን ትጠየቃለች አለ። ልጅቷ ደመወዟን ወሰደች። ኃላፊው አልተባረረም። የጉምሩክና የግብር ጉዳዩን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፣ ባለቤቱ አልደፈረም። በሚቀጥለው ሳምንት ሰብሪናን በስሟ መጥራት ትቶ «ያቺ ቆጣሪ» ይላት ጀመር። ታሪኩ እዚህ ያልቃል። አንዳንዶቻችሁ እንዲባረር ፈልጋችሁ ነበር፣ ፊታችሁ ላይ አየሁት።

ካነሳችኋቸው ጥያቄዎች ሁለቱን ልመልስና ላብቃ።

አንዷ «ጉድለቱን ከደመወዜ በአንዴ ሊቆርጡት ይችላሉ?» ብላለች። እንደፈለጉ አይችሉም። በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በጽሑፍ ካልተስማማሽ አይቆረጥም። ሲቆረጥም በአንድ ወር ከደመወዝሽ ሲሶ መብለጥ የለበትም። ስትለቂ ደግሞ ክፍያሽ በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል አለበት፤ የድርጅቱን ንብረት ሳታስረክቢ ካዘገየሽ ግን ይዘገያል። ለዚህ ነው ስትወጪም፣ ስትገቢም እንዳደረግሽው፣ ተቆጥሮ መፈረም ያለበት። የፈረምሽበትን ቅጂ ለራስሽ ያዢ። የድርጅቱን ሌላ ሰነድ ግን ፎቶ እያነሳሽ ቤትሽ አትውሰጂ፣ ያ በሌላ በኩል ያስጠይቅሻል።

ሌላው ከኋላ የተቀመጠው ልጅ ነው፣ «እኔ ሳልቆጥር ከፈረምኩ ሦስት ወር ሆነኝ፣ አሁን ምን ላድርግ?» አለ። ነገ ጠዋት፣ የመጀመሪያው ክፍያ ከመውጣቱ በፊት፣ አንድ ሰው ጥራና ቁጠር። የነገን ቀን ጻፍበት፣ ወደ ኋላ አትመልሰው፤ ያኔ ሐሰተኛ ሰነድ የሠራኸው አንተ ትሆናለህ። የጎደለ ካለ በዚያው ቀን በጽሑፍ አሳውቅ፣ «ስረከብ አልተቆጠረም» የሚለውን አረፍተ ነገር ጨምርበት። ከነገ በፊት ላለው ሙሉ በሙሉ አያድንህም፣ ፊርማህ አለበት። ከነገ ወዲህ የሚጎድለው ግን ከዚያ ጋር አይደባለቅም።